ሕፃኑ 72 ቢሆን ነበር የምደነግጠው

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የባለቤቴ አባት አስም ስላለባቸው ከአዲስ አበባ ጣት ላይ የሚሰካ ትንሽ መለኪያ ተገዝቶላቸው መጣ። ማታ ላይ እንደ ጨዋታ ሁላችንም ተለካን። አባታችን 72፣ እኔ 78 ሆንን። የ7 ዓመት ልጄ 98 ሆነ። እኛ ዘንድ ሆኖ የሚማረውና ጠዋት ጠዋት የሚሮጠው የባለቤቴ ወንድም ደግሞ 52፤ ዕድሜው 15 ነው። የ3 ወር ሕፃኔ ግን ጠብቶ ጋደም እንዳለ 151 አለ፣ ሲያለቅስ 178 ደረሰ። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ጤነኛ ልብ ከ60 እስከ 100 ይመታል ይላል። አማቴ ልጁ ደንግጦ ነው ይላሉ፣ ባለቤቴ ይዘነው አዲስ አበባ እንሂድ ይላል። የልጄ ልብ ታሞ ይሆን? የ15 ዓመቱስ?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጁንም ያሳድግልሽ። መልሱን አላቆይብሽም፤ ከጻፍሽልኝ ቁጥሮች አንዱም የበሽታ አይመስልም። 151 ጠብቶ ለተኛ የ3 ወር ልጅ ልከኛ ነው፤ 178ም ለሚያለቅስ ልጅ ያው ነው። የመኪናውን ገንዘብ ለሌላ ነገር አቆዩት። ወረቀቱ አልዋሸም፣ ግን የተጻፈው ለአዋቂ ሰው ነው። ከ60 እስከ 100 የሚለው ልክ የሚሠራው ዐርፎ ለተቀመጠ አዋቂና ለጎረምሳ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ ወረቀት ሌላው ጎኑ ነው። ሕፃኑ 72 ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ወረቀቱን አይታችሁ «እንደ አያቱ ነው፣ ተመስገን» ብላችሁ ትተኙ ነበር። እኔ ደግሞ ሕፃናት ክፍል ተረኛ ሆኜ፣ ዓይኑን የገለጠ የ3 ወር ልጅ ልብ 72 ሲመታ ባገኝ ሐኪም እየጠራሁ ወደ ኦክሲጅኑ ነበር የምሮጠው። ለአያት ጤና የሆነው ቁጥር ለልጅ ልጅ አደጋ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ከገባሽ ሌላውን ሁሉ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ልኩ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በአንድ ምት በሚወጣው መጠንና በምቱ ብዛት። ያንቺ ልብ አንድ ጊዜ ሲመታ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይወረውራል፤ አንድ ሲኒ ቡና ማለት ነው። አሁን የተወለደ፣ 3 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ልብ ግን በአንድ ምት የሚያወጣው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ የሻይ ማንኪያ እንኳ በወጉ አይሞላም። ሒሳቡን እንሥራው። አንቺ ዐርፈሽ ስትቀመጪ 70 ጊዜ በ70 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 5 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደም ይዞራል። 60 ኪሎ ብትመዝኚ ለአንዱ ኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሰዋል። ጨቅላው በ140 ምት ሲመታ 630 ሚሊ ሊትር ያህል ያዞራል፤ ለ3 ኪሎ ስናካፍለው ለአንዱ ኪሎ 210 ይሆናል። ከአንቺ እጥፍ በላይ ነው።

ይህን ያህል ምን ያደርግለታል? ያድግበታል። ልጅሽ በተወለደ በ5 ወሩ ግድም ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ገላው ትንሽ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያመልጠዋል፣ ያንን መተካት አለበት። ለአንድ ኪሎ ገላው የሚፈልገው ኦክሲጅን አዋቂ ከሚፈልገው እጥፍ ገደማ ነው። እንግዲህ ያው ጨቅላ በ70 ምት ይኑር ብንል ድርሻው በግማሽ ይወርዳል። አዋቂ ልቡ ሲዘገይ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ጨምሮ በመርጨት ያካክሳል። የሕፃን የልብ ጡንቻ ግን ገና ድርቅ ያለ ስለሆነ እንደልብ አይለጠጥም፤ ማንኪያውን ማስፋት አይችልም፣ ያለው አማራጭ ማፍጠን ብቻ ነው። ስለዚህ የሕፃን ልብ ሲፈጥን ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሲዘገይ ግን ገላው የሚካካስበት ሌላ መንገድ የለውም።

ልጅ ሲያድግ ልቡም ያድጋል፣ በአንድ ምት የሚወጣው ይበዛል፣ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭም እየበሰለ ይሄዳል፤ ምቱ በዚያው ልክ ይረግባል። የሚገርመው ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ቁልቁል አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ140 ሺህ በላይ የሆኑ ልጆችን የልብ ምት በአንድ ላይ ሰብስቦ ነበር። እንደዚያ ጥናት፣ የልጅ ልብ በመካከለኛ ግምት ሲወለድ 127 ገደማ ይመታል፣ በአንድ ወሩ ወደ 145 ይወጣል፣ ከዚያ እየወረደ በ2 ዓመቱ 113 ላይ ይደርሳል። ሲወለድ ከነበረው ይልቅ ለክርስትናው ሰሞን ልቡ ቢፈጥን ታሪኩ ይኸው ነው።

ለቤትሽ የሚበቃሽን ያህል ልክ ልስጥሽ። እስከ አንድ ዓመት ያለ ልጅ ነቅቶ ሳለ ከ100 እስከ 180 ቢመታ ልክ ነው፤ ተኝቶ ከ90 እስከ 160። የመጀመሪያው ወር ልጅ ድምፁ እስኪዘጋ ሲያለቅስ 200 ሊያልፍም ይችላል። በሁለተኛው ዓመት ነቅቶ ከ100 እስከ 140 ያህል ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ከ80 እስከ 120፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ከ75 እስከ 118። ከ12 ዓመት በኋላ የአዋቂው ልክ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ሲተኙ ዝቅ ይላሉ፤ እንደ 7 ዓመቱ ልጅሽ ያለ በእንቅልፍ 60 ገደማ ቢሆን አትደንግጪ። እነዚህ አጥር አይደሉም፤ ከአንዱ ሐኪም ሰንጠረዥ ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። 119 የሆነ የ8 ዓመት ልጅ ትናንት 117 ከነበረው የተለየ ልጅ አይደለም።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ልበል። ያ ዕቃ ሁለት ቁጥር ነው የሚያሳየው። `SpO2` በሚለው በኩል ያለው የኦክሲጅን መጠን በመቶኛ ነው፣ `PR` ወይም የልብ ሥዕል ያለበት ደግሞ የልብ ምት ነው። ሁለቱን እያቀያየሩ የሚያነቡ ብዙ ናቸው፤ ኦክሲጅኑ 94 የሆነ ልጅ ልቡ 94 ነው ተብሎ ይወራለታል። አንቺ አላቀያየርሽም፤ ኦክሲጅን ከ100 አያልፍምና 151 የልብ ምት መሆኑ ግልጽ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ኦክሲጅኑ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ዝቅ ቢል ለብቻው አያስደነግጥም። ይሁን እንጂ የአዋቂው መቆንጠጫ ለ3 ወር ጣት አልተሠራም። ብርሃኑ በትንሿ ጣት ጎን ያመልጣል፣ ልጁም እጁን ያወናጭፋል፣ ብርድ ቀን ጣቱ ከቀዘቀዘ ደሙ በደንብ አይደርሰውም። ያን ጊዜ ዕቃው 60ም ይላል 240ም ይላል፣ ሁለቱም ውሸት ሊሆን ይችላል። የልጅሽ 151 የሚታመን ቁጥር ነው፣ ግን ለሌላ ጊዜ በጆሮና በጣት መቁጠር ተማሪ።

ቀላሉ ጆሮ ነው። ልጁ ተኝቶ ወይም ጠግቦ ጸጥ ባለበት ሰዓት ጆሮሽን በስተግራ ጡቱ ላይ አሳርፊ። ለየምቱ ሁለት ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ አንዱ ወፈር ሌላው ቀጠን ያለ። ሁለቱ ተዳምረው አንድ ምት ናቸው። እዚህ ላይ ነው ብዙ እናት የምትሳሳተው፤ እያንዳንዱን ድምፅ አንድ ብላ ትቆጥርና 300 ገባ ብላ እያለቀሰች ትመጣለች። በጣት ከሆነ ከብብቱና ከክርኑ መካከል፣ በክንዱ የውስጠኛው ጎን፣ ሌባ ጣትሽንና መካከለኛ ጣትሽን ለስለስ አድርገሽ አሳርፊ። በአውራ ጣት አይሆንም፣ የራስሽ ትርታ ይገባበታል። የእጅ አንጓ ለትልልቆቹ ነው፤ ሕፃን አንጓው ድቡልቡል ሥጋ ስለሆነ አይገኝም። እርግብግቢቱ ላይ የምታዪው ትርታም ያው የልቡ ምት ነው፣ ግን አትጫኚው፣ በዓይን ብቻ እይው።

አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለአዋቂ ይሠራል፤ በሕፃን ላይ አንድ ምት ካመለጠሽ አራት ይጎድላል፣ የሕፃን ልብ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል። 150 ማለት በሴኮንድ ሁለት ተኩል ነው፣ አፍ አይደርስበትም። እኛ የምናደርገውን ልንገርሽ፤ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ በየምቱ ነጥብ እየመታሽ ሂጂ፣ ባለቤትሽ ስልኩን ይዞ «በቃ» ይበልሽ፣ ከዚያ ነጥቦቹን በአስር በአስሩ እየከበብሽ ቁጠሪ።

አሁን ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሰው ምን እንደሆነ እንይ፤ የአማትሽ «ደንግጦ ነው» እዚህ ጋ ቦታ አለው። ሕፃን ሲደነግጥ፣ ሲያለቅስ፣ ሲጠባ፣ ዓይነ ምድር ለመውጣት ሲያምጥ ልቡ ይፈጥናል፤ ነገሩ ሲያልፍ ይመለሳል። 151 የነበረው ሲያለቅስ 178 መሆኑ፣ ሲረጋ ደግሞ መውረዱ የጤናማ ልብ ምልክት ነው። እማማን ተሳስተዋል አትበያቸው፣ መመለሱን ብቻ አሳያቸው።

ትኩሳትም ያፈጥናል። ገላው በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሕፃን ልብ በደቂቃ 10 ያህል ይጨምራል። በልጅሽ ቁጥር እንሥራው። ሰሞኑን የ14 ሳምንት ክትባቱ ደርሷል። ተከትቦ ማታ 38.5 ቢሆን፣ ከተለመደው 37 በአንድ ዲግሪ ተኩል ስለበለጠ 151 የነበረው ወደ 166 ይጠጋል። ይህ የትኩሳቱ ሒሳብ ነው፣ የልብ ሕመም አይደለም። ትኩሳቱ 38.5 ሆኖ፣ ልጁ ሳያለቅስ 210 ቢመታ ግን ሒሳቡ አልመጣም፤ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፣ ይታይ። ክትባት የሚያመጣው ትኩሳት ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ወይም ልጁ ጡት እምቢ ካለ ቀን አትቁጠሩ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ሌላው የደጋ ሰው ጉዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ ሲመጣ ልጁን በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በላዩ ፎጣ፣ በላዩ ጋቢ እንጠቀልለዋለን፣ ከዚያ እናቱ ብርድ ልብስ ውስጥ ታስገባዋለች። ልጁ ይሞቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ አንገቱ ስር ያልበዋል፣ ልቡ 170 ይላል። አንድ ሁለት ልብስ ቀንሰሽ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁጠሪው፤ ወርዶ ታገኚዋለሽ። በነገራችን ላይ፣ ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። የከሰሉ ጭስ ደም ውስጥ ሲገባ ልብ ይፈጥናል፣ ያ የጣት መለኪያ ግን የተመረዘውን ደም ከጤነኛው አይለይም፤ ሰው እየታፈነ ኦክሲጅኑን ደህና ብሎ ሊያነብ ይችላል።

ተቅማጥና ትውከትም ልብ ያፈጥናል፣ ይህን ቀላል አታድርጊው። ገላው ውኃ ሲያጣ ደሙ ስለሚያንስ ልቡ በምት ብዛት ሊሸፍነው ይሞክራል። እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ከሰረገ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠሽ ስትለቂው ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ልቡን ቁጭ ብሎ መቁጠር አያስፈልግም፤ ጡት እየሰጠሽው መንገድ ግቢ።

እንግዲህ ፍጥነቱ ራሱ በሽታ የሚሆነው መቼ ነው? ክፍላችን ውስጥ ያየነውን አንድ ልጅ ልንገርሽ። እናቱ ከመንዝ በኩል ነበር ያመጣችው፣ የሁለት ወር ገደማ ልጅ ነው። «ከትናንት ወዲህ ጡት ይይዝና ይለቃል፣ ግንባሩ ላብ በላብ ነው» አለች። ትኩሳት የለውም። ፊቱ ነጣ ብሏል፣ እግሩ ቀዝቅዟል፣ ይነጫነጫል። ደረቱ ላይ ጆሮ ቢደረግ ምቱ ተያይዞ እንደ ርብርብ ይሰማል፣ በነጥብ መቁጠርም አልተቻለም። ማሳያው ላይ ሲገባ 240 አለ። ከ240 ይልቅ ያሳሰበን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲያለቅስ 240፣ እናቱ ደረቷ ላይ አድርጋው ዝም ሲል 240፣ ሸለብ ሲያደርገው 240። ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። የጤነኛ ልጅ ልብ እንደ ሁኔታው ይወጣል ይወርዳል፣ የዚህ ልጅ ልብ ግን በኤሌክትሪክ መስመሩ ውስጥ አጭር ዙር ተፈጥሮ መዞሪያው ውስጥ ተይዟል።

ሐኪሙ በረዶና ውኃ የተቀላቀለበት ላስቲክ አምጡ አለ። ላስቲኩን ግንባሩና ዓይኑ ላይ፣ አፍንጫና አፉን ሳይሸፍን፣ ለጥቂት ሴኮንድ አሳረፈው። ድንገተኛው ቅዝቃዜ ልብን የሚያዘገየውን ነርቭ ይቀሰቅሰዋል። ልጁ ትንፋሹን ያዝ አደረገ፣ ማሳያው ላይ ያለው መስመር ለአንድ አፍታ ቀጥ አለ፣ ከዚያ 142 ብሎ ቀጠለ። ቀስ በቀስ አልነበረም የወረደው፣ በአንዴ ነው። ለዚህ የሚሆን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፣ እሱም በዝግጅት ነበር። ይህን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ ልብን ማሳያ ላይ እያዩ፣ ኦክሲጅንና መድኃኒት አጠገብ አድርገው የሚሠሩት ነው። የልጅ ዓይን በጣት መጫን የሚባለውን አሮጌ ነገር ደግሞ ከሰማሽ ጨርሶ አታድርጊው፣ ዓይኑን ይጎዳል።

ስለዚህ ለአንቺ ልጅ ልኩ ይኸው ነው። ሳያለቅስ፣ ሳያተኩስ ከ220 በላይ የሚመታ ሕፃን፣ ወይም እንቅልፍም ለቅሶም የማያንቀሳቅሰው ቁጥር ያለው ልጅ፣ ሌሊት ቢሆንም ጤና ተቋም ይሂድ። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ያው ነገር ከ180 ጀምሮ ያሳስበኛል። ከቁጥሩ እኩል ደግሞ ጡት አጠባቡን እይ። ጡት መጥባት ለሕፃን የሮጠ ያህል ሥራ ነው፤ ደካማ ልብ እዚያ ላይ ይታወቃል። ጥቂት ጠብቶ የሚያለከልክ፣ ግንባሩን ላብ የሚያጠምቀው፣ ደክሞት የሚተኛና ብዙም ሳይቆይ ርቦት የሚነሳ፣ ክብደቱ የማይጨምር ልጅ የልብ ምቱ 150 ቢሆንም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ትንፋሹንም ለአንድ ደቂቃ ቁጠሪ። በ3 ወር ልጅ ጸጥ ባለበት 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፣ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በዚሁ ቁጥር ነው የምትሠራው።

ዝግታውን ልጨርስ። አዋቂ አየር ሲያጥረው ልቡ መጀመሪያ ይፈጥናል። ሕፃን ግን ኦክሲጅን ሲያጣ ልቡ ቶሎ ወደ መዘግየት ይሄዳል። ስለዚህ ሳንባው የታመመ ልጅ 170 የነበረው ወደ 80 ቢወርድ «ተሻለው፣ ረጋ» አይባልም፤ መድከሙ ነው። ከንፈሩን እይ፣ ይጠቁራል ወይም አመድ ይመስላል፣ ሲጠሩትም አይነቃም። ገላው በብርድ የቀዘቀዘ ጨቅላም ልቡ ይዘገያል፤ እሱን ገላ ለገላ ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ከላይ ጋቢ ደርበሽ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው። ነቅቶ ያለ ሕፃን ከ100 በታች ከሆነ ወዲያው ደግመሽ ቁጠሪ፣ እንደዚያው ከሆነ ይታይልሽ። ልቡ ከ60 በታች ሆኖ ገላው የጠቆረ ወይም የማይነቃ ልጅ ካለ የሕክምና ሰው የልብ ማሸት የሚጀምርበት ደረጃ ነው፤ ሳትቆጥሪ ጩኺ፣ መኪና ይፈለግ።

የ7 ዓመቱ 98 መሃል ላይ ያለ ነው። እሱን አንድ ቀን አንጓው ላይ ስትቆጥሪለት የሚያስደነግጥሽ ነገር ታገኚ ይሆናል፤ ምቱ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል። ትንፋሽ ሳብ አድርጎ ያውጣ በይው። ሲስብ ይፈጥናል፣ ሲያወጣ ይዘገያል። ይህ በልጆችና በጎረምሶች ዘንድ የተለመደ ነው። ትንፋሹን ሲይዝ መለዋወጡ ከጠፋ ነገሩ እሱ ነው። ከጉሮሮ ሕመም ሳምንታት በኋላ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተፈራረቀ ቢያብጥና ቢያመው፣ ተቀምጦም ልቡ ቢፈጥን ግን ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ የቶንሲል ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር የልብ በር የሚያበላሽበት መንገድ አለው፣ የሚያጠቃውም በብዛት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው።

የባለቤትሽ ወንድም ይቅርታ ያድርግልኝና እስካሁን አላነሳሁትም። 52 በወረቀቱ ከ60 በታች ስለሆነ ከሕፃኑ ይልቅ «ያነሰ» እሱ ነው። ልጁ ግን ይሮጣል። ልብ በልምምድ ሲሰፋና ሲጠነክር በአንድ ምት ብዙ ይረጫል፤ እሱ 95 ሚሊ ሊትር ያህል የሚወረውር ልብ ካለው፣ 52 ጊዜ በ95 ስታባዢው ያው 5 ሊትር ገደማ ይመጣል። አንቺ በ70 የምትሠሪውን እሱ በ52 ጨረሰው። ተኝቶ ከ50 በታች ቢወርድም ለሯጭ እንግዳ አይደለም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ዐርፎ ሳለ ቁጠሩት፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይዝለል፣ ወዲያው ቁጠሩት። ከ100 በላይ በደህና ከወጣና ሲያርፍ ቶሎ መውረድ ከጀመረ ደህና ነው። ከቆላው ከሸዋ ሮቢት የመጣ ጓደኛው አብሮት ቢሮጥ ለጥቂት ቀን ልቡ ከወትሮው ፈጠን ሊልበት ይችላል፤ አየሩ ስለሳሳበት ነው።

ልጁን ከሩጫ የማስቆመው ሌላ ነገር ካለ ነው። እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃል? እየሮጠ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል? በቤተ ዘመድ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ? ከሦስቱ አንዱ ካለ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተነሥቶ ሐኪም እስኪያየው ድረስ አይሩጥ። ሳይሮጥ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ 150 የሚመታ የ15 ዓመት ልጅም ይታይ፤ ለሕፃኑ ልከኛ ያልነው ያ ቁጥር ለእሱ ልክ አይደለም።

ለአንቺ የሚቀርሽ ሥራ ትንሽ ናት። በዚህ ሳምንት ልጅሽ እንቅልፍ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ነቅቶ ሳይነጫነጭ አንድ ጊዜ ቁጠሪና በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ። አንድ ቀን ቢታመም ባለሙያዋ «ከወትሮው ስንት ነበር?» ስትልሽ የሚጠቅምሽ ከሁሉም ሰንጠረዥ ይልቅ ያ ነው። መለኪያውን ለአባታችን መልሺላቸው። እሳቸውም በአፍ የሚነፉትን የአስም መድኃኒት በወሰዱ ማግስት ሳይሆን ወዲያው ከለኩ 72ቱ 90 ሆኖ ቢያገኙት መድኃኒቱ ነው በያቸው።